ሰርቨሩ ሲወድቅ ደንበኛው መቼ ይዞራል?

*የአውቶቡስ ትኬት በኢንተርኔት የሚሸጥ አንድ ድርጅት ዋናውን ሰርቨሩን ሆን ብሎ አጠፋ። መጠባበቂያው ቦታውን እስኪረከብ ያለፉትን ሰከንዶች አብረን ቆጠርን።*

ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ሊሆን ጥቂት ደቂቃዎች ይቀራሉ። ቦሌ አካባቢ ባለ አንድ ቢሮ ውስጥ ሦስት ባለሙያዎች ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ስክሪን ይመለከታሉ። ስክሪኑ ላይ ሁለት መስመሮች ይሄዳሉ። አረንጓዴው እዚሁ አዲስ አበባ ያለው ዋናው ሰርቨር በየሰከንዱ የሚያስተናግደውን ጥያቄ ያሳያል። ሰማያዊው የፍራንክፈርቱን መጠባበቂያ ያሳያል፤ እሱ ዜሮ ላይ ነው። ድርጅቱ የአገር አቋራጭ አውቶቡስ ትኬት ይሸጣል። በዚህ ሰዓት አገር ቤት ያለው ደንበኛ ተኝቷል፤ ዋሽንግተን ግን ገና ምሽት ነው፤ ለእናቱ የደሴ፣ ለእህቱ የጎንደር ትኬት የሚቆርጠው ሰው አሁን ነው ስልኩን የሚያነሣው።

ልክ ዘጠኝ ሰዓት ሲሞላ ከሦስቱ አንዷ በዋናው ሰርቨር ላይ ይህን ጻፈች፦

```
sudo systemctl stop nginx
```

አረንጓዴው መስመር ወዲያው ወደቀ። ሰማያዊው ግን አልተነሣም። በክፍሉ ውስጥ ማንም ምንም አልነካም፤ መንካትም አልተፈቀደም። የሚፈተነው ሲስተሙ ያለ ሰው እጅ ራሱን ማዞር መቻሉ ነውና።

ባንክ ቤት ወይም ትኬት ቢሮ ሄዶ «ሲስተም የለም» ያልተባለ ሰው ጥቂት ነው። ከዚህ መልስ ጀርባ ብዙ ጊዜ መጠባበቂያ ሰርቨር አለ፤ ተገዝቷል፣ ኤሌክትሪክ ይበላል፣ ዳታው በየጊዜው ይገለበጥለታል። የሚጎድለው ደንበኛውን ወደዚያ የሚያዞረው ነገር ነው። ማዞሪያው በብዙ ድርጅቶች ዘንድ ዲኤንኤስ ነው፤ ፍጥነቱንም ቲቲኤል የሚባል አንድ ቁጥር ይወስነዋል ተብሎ ይታመናል። እምነቱ በከፊል ትክክል ነው። ያቺ ሌሊት ያሳየችው ትልቁ ነገር ቀሪው ከፊል የት እንደተቀመጠ ነው።

## በስምና በቁጥር መካከል

ዲኤንኤስ የድረ ገጽን ስም ወደ አይፒ አድራሻ የሚቀይር ሥርዓት ነው። ፖል ሞካፔትሪስ እ.ኤ.አ. በ1983 ሲነድፉት ከመጀመሪያው የተጨነቁበት ነገር ነበር፤ ሁሉም ኮምፒውተር ለእያንዳንዱ ስም በየጊዜው ዋናውን መዝገብ ከጠየቀ መዝገቡ አይችለውም። ስለዚህ መልሱ በመንገድ ላይ እንዲቀመጥ ተደረገ። የደንበኛው ስልክ የሚጠይቀው ዋናውን መዝገብ ሳይሆን ሪዞልቨር የሚባለውን አስጠያቂ ነው፤ ይህ በአብዛኛው የኢንተርኔት አቅራቢው ንብረት ነው። ሪዞልቨሩ ዋናውን መዝገብ አንድ ጊዜ ጠይቆ መልሱን ይይዝና ለሚቀጥሉት ጠያቂዎች ሁሉ ከያዘው ቅጂ ይሰጣል።

ቅጂው ለስንት ሰከንድ እንደሚያዝ ከመልሱ ጋር ተጽፎ ይመጣል። ቲቲኤል ማለት ይህ ነው። ሥራ ላይ ሆኖ ለማየት ሪዞልቨሩን መጠየቅ ይበቃል። ስሙና አድራሻዎቹ እዚህ ለማሳያ የተወሰዱ ናቸው፦

```
$ dig +noall +answer ticket.example.com A
ticket.example.com.  43  IN  A  192.0.2.10
```

ከአምስት ሰከንድ በኋላ ያው ጥያቄ ቢደገም 43 የነበረው 38 ሆኖ ይታያል። ቅጂው እየቆጠረ ወደ ዜሮ ይወርዳል፤ ዜሮ ሲደርስ ሪዞልቨሩ ወደ ዋናው መዝገብ ይመለሳል። ዋናውን መዝገብ በቀጥታ የጠየቀ ሰው ግን ሁልጊዜ ሙሉውን ቁጥር፣ በዚህ ድርጅት 60ን፣ ያያል።

ከዚህ አሠራር የሚከተለውን ነገር ብዙ ሰው የሚያስተውለው ችግር ከደረሰ በኋላ ነው። ሪዞልቨሩ የሚያከብረው ቅጂውን በወሰደበት ሰዓት የተጻፈውን ቲቲኤል ነው። ዛሬ ጠዋት 86400 ሰከንድ፣ ማለትም ሙሉ ቀን፣ ተብሎ የተወሰደን ቅጂ ከሰዓት በኋላ 60 ብሎ ማሳጠር አይቻልም። ከብዙ ድርጅቶች ጋር የሠራ አንድ የኔትወርክ ባለሙያ እንደነገረኝ ሰርቨር ሲወድቅ የሚደወልለት የመጀመሪያ ጥያቄ «ቲቲኤሉን ዝቅ አድርገነዋል፤ ለምን አልሠራም?» የሚል ነው። መልሱ ዝቅ መደረግ የነበረበት ትናንት ነው የሚል ብቻ ይሆናል።

> ቲቲኤል በችግር ቀን የሚወሰን ውሳኔ አይደለም፤ ቅጂው በሰው እጅ ከመግባቱ በፊት ያለቀ ነገር ነው።

## ፈታሹ ምን ይጠይቃል?

ወደ ቢሮው እንመለስ። አረንጓዴው መስመር ከወደቀ ሰባት ሰከንድ ሲሆን ስክሪኑ ጥግ ላይ አንዲት ቢጫ ምልክት በራች። የመጀመሪያው የጤና ፍተሻ ወድቋል።

የጤና ፍተሻ የሚያደርገው ከሰርቨሩ ውጭ የተቀመጠ አነስተኛ ፕሮግራም ነው። በዚህ ድርጅት በየ10 ሰከንዱ ዋናውን ሰርቨር `/health` የሚል ገጽ ይጠይቀዋል። 200 የሚል የደህና መልስ ካገኘ ይቀጥላል። ካላገኘ ይመዘግባል፤ ሦስት ጊዜ በተከታታይ ካላገኘ ሰርቨሩ ወድቋል ብሎ ይፈርዳል። አንዱ ውድቀት የማይበቃው በኢንተርኔት ላይ አንድ ጥያቄ በመንገድ መጥፋቱ የተለመደ ስለሆነ ነው። በአንድ ውድቀት የሚፈርድ ፈታሽ በጤነኛ ቀን ደንበኞችን ከአዲስ አበባ ፍራንክፈርት፣ ከፍራንክፈርት አዲስ አበባ ሲያመላልስ ይውላል።

የበለጠ ሐሳብ የሚጠይቀው ገጹ ምን ይመልስ የሚለው ነው። የዚህ ድርጅት የመጀመሪያ ፍተሻ በሩ መከፈቱን ብቻ ያይ ነበር፤ 443 ቁጥር በር ላይ መልስ ካለ ሰርቨሩ ደህና ነው። አንድ ቀን የዳታቤዙ ዲስክ ሞላ። በሩ ክፍት ነው፣ ገጹም ይከፈታል፤ ትኬት ለመቁረጥ የሞከረ ሁሉ ግን የስህተት መልእክት ያያል። ፈታሹ ቀኑን ሙሉ አረንጓዴ እንደሆነ ዋለ። የጥሪ ማዕከሉ ሠራተኞች ከባለሙያዎቹ ቀድመው ያወቁት ያን ጊዜ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ገጹ ዳታቤዙ ላይ አንዲት ትንሽ መዝገብ ጽፎ መልሶ ካነበበ በኋላ ብቻ 200 ይመልሳል። ወደ ሌላኛው ጫፍ መሄድም ግን ያስቸግራል። ሶፍትዌሩን ከሠሩት አንዱ የክፍያ አገልግሎት ሰጪው መሥራቱም እዚያው ይፈተሽ የሚል ሐሳብ አቅርቦ ነበር። ሐሳቡ አልጸደቀም፤ ትክክልም ነው። ክፍያ ሰጪው ቢቋረጥ ሁለቱም ሰርቨሮች በአንድ ጊዜ «ታመናል» ይላሉ፤ ወደ ፍራንክፈርት መዞሩ የሚያተርፈው አንዳች ነገር የለም። ፍተሻው ማካተት ያለበት ወደ መጠባበቂያው በመዞር የሚፈታውን ችግር ብቻ ነው።

## ዘጠኝ ሰዓት ከሠላሳ አንድ ሰከንድ

ሁለተኛው ቢጫ ምልክት በ17ኛው፣ ሦስተኛው በ27ኛው ሰከንድ በራ። ምልክቱ ወደ ቀይ ተለወጠ። አራት ሰከንድ ቆይቶ ዋናው መዝገብ መልሱን ቀየረ፦

```
ticket.example.com.  60  IN  A  198.51.100.20
```

ይህ የፍራንክፈርቱ አድራሻ ነው። ሰማያዊው መስመር መንቀሳቀስ ጀመረ፤ በአንድ ጊዜ ግን አልዘለለም፤ እንደ ዳገት ቀስ እያለ ወጣ። ምክንያቱ ቀላል ነው። በዓለም ዙሪያ ያሉት ሪዞልቨሮች ቅጂያቸውን የወሰዱት በተለያየ ሰከንድ ነው። መልሱ ሲቀየር አንዱ 2 ሰከንድ ይቀረዋል፣ ሌላው 58። ስለዚህ በ30 ሰከንድ ውስጥ ግማሽ ያህሉ ይዞራል፤ በ60 ሰከንድ ሁሉም። ሰርቨሩ ከቆመ ከ91 ሰከንድ በኋላ የድሮውን አድራሻ መያዝ የሚገባው ሪዞልቨር አልነበረም።

ይህ ድምር ሦስት ክፍል አለው፦ ለማወቅ 27 ሰከንድ፣ መዝገቡን ለመቀየር 4፣ ቅጂው እስኪያረጅ እስከ 60። ቲቲኤሉ 3600፣ ማለትም አንድ ሰዓት፣ ቢሆን ኖሮ የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ባልተለወጡ፤ ግማሹ ደንበኛ ግን ከግማሽ ሰዓት በላይ የሞተ በር ሲያንኳኳ ይቆይ ነበር። ከአንድ ሰዓት ወደ አንድ ደቂቃ መውረድ ያለጥርጥር ይክሳል።

ከ60 ወደ 10 መውረድስ? ይህን የጠየቀው ከሦስቱ ወጣቱ ነበር። በወረቀት ላይ 50 ሰከንድ ይተርፋል። በተግባር ግን አንዳንድ ብሮውዘሮች ሪዞልቨሩ የሰጣቸውን አድራሻ ራሳቸው ለአንድ ደቂቃ ያህል ይይዛሉ። አንዳንድ ሪዞልቨሮችም የሥራ ጫናቸውን ለመቀነስ በጣም አጭር ቲቲኤልን ከፍ አድርገው እንዲይዙ ተደርገው ይዋቀራሉ፤ ይህንንም በ`dig` ማወቅ ይቻላል፤ ከተጻፈው የሚበልጥ ቁጥር ተመልሶ ከመጣ ሪዞልቨሩ የራሱን ሕግ እየተከተለ ነው። በ10 ሰከንድ የሚገኘው ትርፍ ስለዚህ ከሚጠበቀው ያንሳል፤ ዋናው መዝገብ ላይ የሚወርደው ጥያቄ ግን እስከ ስድስት እጥፍ ይበዛል። ይህን ዘዴ የሚሸጡ ታላላቅ አገልግሎቶችም፣ ለምሳሌ የአማዞኑ ሩት 53፣ ከጤና ፍተሻ ጋር ለሚሠሩ መዝገቦች የሚመክሩት 60 ሰከንድ ወይም ከዚያ በታች ነው። እኔም ለእንዲህ ዓይነት ንግድ 60ን እመርጣለሁ።

አንድ ነገር ግን መታከል አለበት። አጭር ቲቲኤል የሚያስፈልገው ለሚዞረው መዝገብ ብቻ ነው። የዶሜይኑ ዋና መዝገቦች እነማን እንደሆኑ የሚናገሩት መዝገቦች በውድቀት ጊዜ አይቀየሩም፤ አንድ ቀንና ከዚያ በላይ ቢያዙ ይጠቅማል እንጂ አይጎዳም። ሁሉንም በጅምላ 60 የሚያደርግ ሰው ያለ ምንም ትርፍ ዶሜይኑን በሙሉ ተሰባሪ ያደርገዋል።

## ሳይዞሩ የቀሩት

ሰማያዊው መስመር አረንጓዴው ከነበረበት ከፍታ በጥቂቱ ዝቅ ብሎ ቆመ። አሥር ደቂቃ አለፈ፤ ከፍታው አልተስተካከለም። ይህች ትንሽ ክፍተት በዚያ ሌሊት ከታየው ሁሉ የበለጠ ትምህርት ነበረባት።

በዋናው ሰርቨር ላይ የቆመው አገልግሎቱ ብቻ ነው፤ ማሽኑ እንደበራ ስለሆነ ወደ በሩ የሚመጣውን አዲስ ጥያቄ መመልከት ይቻላል፦

```
tcpdump -n 'tcp dst port 443 and tcp[tcpflags] & tcp-syn != 0'
```

ጥያቄ መምጣቱ አላቆመም። ባለሙያዋ የላኪዎቹን አድራሻ ስታጣራ አብዛኛው ከአንድ ቦታ የሚመጣ ሆኖ ተገኘ፦ የድርጅቱን ትኬት በራሱ መተግበሪያ ውስጥ የሚሸጥ አንድ ሸሪክ ድርጅት። የሸሪኩ ሰርቨር ጥያቄውን የሚያስተላልፈው በኤንጂንኤክስ ነው። ኤንጂንኤክስ ደግሞ በውቅሩ ላይ በቀጥታ የተጻፈለትን ስም የሚተረጉመው ሲነሣ አንድ ጊዜ ነው፤ ከዚያ ውቅሩ እንደገና እስኪጫን ያችኑ አድራሻ ይጠቀማል። ቲቲኤሉ 60 ይሁን 6 አያየውም። በጃቫ የተጻፉና ሴኩሪቲ ማናጀር በሚባለው አሠራር የሚነሡ የቆዩ ፕሮግራሞችም ተመሳሳይ ጠባይ አላቸው፤ ያገኙትን አድራሻ እስኪዘጉ ድረስ አይለቁም።

የኤንጂንኤክሱ መድኃኒት አጭር ነው። ስሙ በተለዋዋጭ በኩል ሲሰጠውና ሪዞልቨር ሲጠቆምለት ቲቲኤሉን አክብሮ እንደገና ይጠይቃል፦

```
resolver 127.0.0.1;
set $ticket ticket.example.com;
proxy_pass https://$ticket;
```

ከዚህ የተለየ ሌላ ዓይነት ቀሪም አለ፤ በዚያ ሌሊት ግን አልታየም፤ ያልታየበት ምክንያት ራሱ መነገር አለበት። ስልክ ላይ ያለ መተግበሪያ ከሰርቨሩ ጋር አንዴ ግንኙነት ከከፈተ ያንኑ መስመር ደጋግሞ ይጠቀማል፤ መስመሩ እስካለ ዲኤንኤስን አይጠይቅም። `nginx` በትእዛዝ ሲቆም ማሽኑ ለሁሉም ግንኙነት «ተዘግቷል» ብሎ ይናገራልና መተግበሪያው አዲስ መስመር ለመክፈት ወዲያው ስሙን ይጠይቃል። መብራት ሲጠፋ ወይም ፋይበር ሲቆረጥ ግን የሚናገር የለም። መተግበሪያው መልስ እየጠበቀ ይቆያል፤ የጥበቃው ርዝመት ፕሮግራሙን የጻፈው ሰው ባስቀመጠው የጊዜ ገደብ ይወሰናል፤ ገደብ ካልተቀመጠለት ጥበቃው ለደቂቃዎች ሊዘልቅ ይችላል። በፈታሹም ላይ ተመሳሳይ ነገር ይደርሳል፦ በሩ ዝግ መሆኑን ወዲያው ከመስማት ይልቅ በየፍተሻው የጥበቃ ገደቡ እስኪያልፍ ይቆያል።

> በትእዛዝ የቆመ ሰርቨርና መብራት የጠፋበት ሰርቨር ከደንበኛው ስልክ ሲታዩ አንድ አይደሉም።

ስለዚህ የሚቀጥለው ልምምድ ትእዛዝ በመጻፍ ሳይሆን የኔትወርክ ገመዱን ከማሽኑ በመንቀል እንዲሆን ሦስቱም ተስማሙ።

## ኬብሉ ሲቆረጥ

እስካሁን ያየነው ውድቀት ቀላሉ ነው፤ ሰርቨሩ ለሁሉም ሰው በአንድ ጊዜ ሞቷል። ኢትዮጵያ ውስጥ ሰርቨር የሚያስተዳድር ሰው የሚያስጨንቀው ሌላው ነው። አገሪቱ የባሕር በር የላትም፤ ወደ ባሕር ሥር ኬብሎች የምትደርሰው በጎረቤቶች በኩል ነው። በየካቲት 2016 ዓ.ም. በቀይ ባሕር ሥር የሚያልፉ በርካታ ኬብሎች ሲቆረጡ በእስያ፣ በአፍሪካና በአውሮፓ መካከል የሚሄደው ትራፊክ ተስተጓጉሎ ነበር። የውጭው መስመር ሲቋረጥ አገር ውስጥ ያለው መስመር ሊሠራ ይችላል። አዲስ አበባ ያለ ደንበኛ አዲስ አበባ ወዳለው ሰርቨር ይደርሳል፤ ዋሽንግተን ያለው አይደርስም።

አሁን ፈታሹ የት ተቀምጧል የሚለው ጥያቄ ይመጣል። ሁሉም ፈታሾች ውጭ አገር ካሉ ሰርቨሩ ሞቷል ብለው በአንድ ድምፅ ይፈርዳሉ። ከእነሱ ቦታ ሲታይ አልተሳሳቱም። ዋናው መዝገብ የፍራንክፈርቱን አድራሻ መስጠት ይጀምራል፤ ይህ ለዋሽንግተኑ ደንበኛ መዳኛ ነው። አዲስ አበባ ያለው ግን አጠገቡ ሕያው ሰርቨር እያለ ሊደርስበት ወደማይችለው ፍራንክፈርት ይላካል።

ከዚህ የሚከፋም አለ። ዋናዎቹ መዝገቦችም ውጭ አገር ከሆኑ የአገር ውስጡ ሪዞልቨር የያዘው ቅጂ በ60 ሰከንድ ሲያረጅ የሚጠይቀው አያገኝም። ሰርቨሩ ይሠራል፣ መንገዱም ክፍት ነው፤ ስሙን ወደ ቁጥር የሚቀይርለት ግን የለም። ቲቲኤሉ አንድ ቀን ቢሆን ኖሮ ደንበኛው ለሰዓታት ምንም ሳይሰማው ሊቆይ ይችል ነበር። አጭር ቲቲኤል የሚያስከፍለው እውነተኛ ዋጋ ይህ ነው፦ በየደቂቃው ወደ ዋናው መዝገብ መድረስ ግዴታ ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ2020 የወጣው አርኤፍሲ 8767 የተባለ ሰነድ ሪዞልቨሮች ዋናው መዝገብ ካልተገኘ ያረጀውንም ቅጂ እንዲሰጡ መንገድ ከፍቷል። ይህ የሚሆነው ግን የሪዞልቨሩ ባለቤት ከፈቀደው ነው፤ የሰርቨሩ ባለቤት ሊተማመንበት አይችልም።

ድርጅቱ የወሰደው መፍትሔ ከዋናዎቹ መዝገቦች አንዱን አዲስ አበባ ማስቀመጥ ነበር፤ ከሰርቨሩ በተለየ ሕንፃ፣ የራሱ ፈታሽ ተደርጎለት። ሪዞልቨሮች አንዱ መዝገብ ካልመለሰላቸው ሌላውን ስለሚሞክሩ የውጭ መስመር በተቋረጠ ጊዜ የአገር ውስጡ ሪዞልቨር የአገር ውስጡን መዝገብ ያገኛል። ያ መዝገብ የሚያምነው የራሱን ፈታሽ ነው፤ ፈታሹ ሰርቨሩን ሕያው ሆኖ ያየዋል፤ መልሱም አዲስ አበባ ይሆናል። ውጭ ያሉት መዝገቦች በበኩላቸው ፍራንክፈርት ይላሉ። እያንዳንዱ ደንበኛ ሊደርስበት ወደሚችለው ይሄዳል። ፓወርዲኤንኤስን የመሰሉ ነጻ ሶፍትዌሮች ፍተሻውን መዝገቡ ውስጥ መጻፍ ስለሚያስችሉ ይህን በራስ ማሽን መሥራት ይቻላል። ዝግጁ የተከራየ አገልግሎት ላይ ግን ይከብዳል፤ ምክንያቱም የጤና ፍተሻው የአገልግሎቱ የራሱ እንጂ ከመዝገቡ ጋር ወደ ሌላ ማሽን የሚገለበጥ አይደለም።

ፈታሽ ሁሉ በአንድ ጊዜ «ሞቷል» ሲል ምን ይደረግ የሚለውን ማንም ሳያስብበት ሊያልፍ አይገባም። መስከረም 24 ቀን 2014 ዓ.ም. ፌስቡክ፣ ኢንስታግራምና ዋትስአፕ ለስድስት ሰዓት ያህል የጠፉት በአንድ በኩል በዚህ ምክንያት ነበር። በጥገና ላይ የተሰጠ አንድ ትእዛዝ የድርጅቱን የመረጃ ማዕከላት የሚያገናኘውን የውስጥ መስመር በሙሉ አቋረጠ። በየቦታው ያሉት የዲኤንኤስ ሰርቨሮቹ ወደ ማዕከላቱ መድረስ ካቃታቸው ራሳቸውን እንደ ታመመ ቆጥረው ከኢንተርኔት እንዲወጡ የተዘጋጁ ነበሩ። አንዱ ሲታመም ትክክለኛ ሕግ ነው። በዚያን ቀን ግን ሁሉም በአንድ ጊዜ ወጡ፤ `facebook.com` የሚለውን ስም የሚተረጉም አንድም ሰርቨር አልቀረም። ሩት 53 በአንጻሩ ዋናውም መጠባበቂያውም ከወደቁ የዋናውን አድራሻ ይሰጣል። የእኛም ድርጅት ይህንኑ ሕግ ተከትሏል፤ መልስ ባዶ አይሆንም። ባዶ መልስ ራሱ በሪዞልቨሮች ዘንድ ለተወሰነ ጊዜ ይያዛልና ሰርቨሩ ከዳነ በኋላም ደንበኛው ላይ መዝጋቱ ይቀጥላል።

## አንድ መቀመጫ ለሁለት ሰው

ኬብሉ ተቆርጦ ሁለቱም ሰርቨሮች ደንበኛ እያስተናገዱ ነው እንበል። የነገው የደሴ አውቶቡስ 14ኛ መቀመጫ አልተሸጠም። አዲስ አበባ ያለ ሰው ዋናው ሰርቨር ላይ ይገዛዋል። በዚያው ደቂቃ ዱባይ ያለ ሰው ለወንድሙ ከፍራንክፈርቱ ላይ ይገዛዋል። በሁለቱ ዳታቤዞች መካከል ያለው መስመር የተቆረጠው ያው ኬብል ስለሆነ አንዱ የሌላውን አያውቅም።

ዲኤንኤስ ይህን አይፈታም፤ ከዲኤንኤስ ጋር የሚመጣ ችግር ግን ነው። ያለ ኬብል መቆረጥም ይከሰታል፦ ዋናው ሰርቨር ፈጽሞ ሳይሞት አዝግሞ ሦስት ፍተሻ ወድቆ ቢሆን፣ በመዞሪያው 60 ሰከንድ ውስጥ ግማሹ ደንበኛ እዚያ፣ ግማሹ እዚህ ነው፤ ስሙን አንድ ጊዜ ብቻ የሚተረጉመው ሸሪክ ደግሞ ሰዓታት ቢያልፉም እዚያው ነው። ቲቲኤል የሚወስነው መጠባበቂያው በምን ያህል ፍጥነት እንደሚረከብ ብቻ አይደለም፤ ሁለቱ ሰርቨሮች አብረው የሚቆዩበትን ጊዜም ነው።

የድርጅቱ ኃላፊዎች ለዚህ የሰጡት መልስ ከቴክኒክ ይልቅ ከንግድ የመነጨ ነው፤ በበኩሌ ከሰማኋቸው ሁሉ የተሻለው ሆኖ አግኝቼዋለሁ። የፍራንክፈርቱ ሰርቨር ጥያቄ ይመዘግባል እንጂ መቀመጫ አይሰጥም። ደንበኛው «ጥያቄዎ ተመዝግቧል፤ መቀመጫዎ ሲረጋገጥ መልእክት ይደርስዎታል» የሚል መልስ ያገኛል፤ ክፍያውም ይያዛል እንጂ አይቆረጥም። መቀመጫ የሚሰጠው አንድ ቦታ ብቻ ነው፤ አዲስ አበባ። ዋናው ሰርቨር በእርግጥ ሞቶ ከሆነ መቀመጫ የመስጠቱን ሥልጣን ወደ ፍራንክፈርት የሚያስተላልፈው ሰው ነው፤ ከማስተላለፉ በፊትም የአዲስ አበባው ማሽን መጥፋቱን በስልክም ሆነ በአካል ያረጋግጣል።

መልሶ ማዞሩም የተከለከለው ለዚሁ ነው። ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ከሃያ ላይ `nginx` እንደገና ሲነሣ ፈታሹ በግማሽ ደቂቃ ውስጥ አረንጓዴ ሆነ። ዋናው መዝገብ ግን መልሱን አልቀየረም፤ እንዳይቀይር ተደርጓልና። መጀመሪያ በፍራንክፈርት የተመዘገቡት ጥያቄዎች ወደ አዲስ አበባው ዳታቤዝ ተገለበጡ። ቁጥራቸው ከሁለቱም ወገን ተቆጥሮ እኩል መሆኑ ታየ። ከዚያ በኋላ ብቻ ባለሙያዋ የፍራንክፈርቱን ሰርቨር አዲስ ጥያቄ እንዳይቀበል ዘጋችና የመዝገቡን መልስ በእጇ ወደ `192.0.2.10` መለሰችው። በዚህ መካከል ለአንድ ደቂቃ ያህል አንዳንድ ደንበኛ «ጥቂት ቆይተው ይሞክሩ» የሚል ገጽ አይቷል። አንድ መቀመጫ ሁለት ጊዜ ከሚሸጥ ይህን መረጡ።

ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ለሸሪኩ ድርጅት ደብዳቤ ተጻፈ፤ ሦስቱ የኤንጂንኤክስ መስመሮች ተያይዘዋል። ገመድ የሚነቀልበት ልምምድ ሸሪኩ ለውጡን አድርጎ እስኪያሳውቅ እንዲጠብቅ ተወሰነ፤ የትንሣኤ ጉዞ የትኬት ሽያጭ ከመጀመሩ በፊት ግን የግድ መደረግ አለበት።